አራስ፣ ወይባና የተዘጋ በር
(ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ለሕዝብ የተሰጠ የጤና ትምህርት ንግግር)



ወይባ በእኛ ደጋ አይበቅልም። ቆላ የሚወድ ዛፍ ነው፤ ተፈልጦና ታስሮ ወደዚህ ገበያ የሚወጣው ሰው ስለሚፈልገው ነው። ከሚፈልጉት ቤቶች አንዱ የአራስ ቤት ነው። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከመተማ ማዶ ያሉት ሱዳናውያንም ሙሽራና አራስ በእንጨት ጭስ ያጥናሉ፣ እነሱ ዱኻን ይሉታል። በታይላንድና በላኦስ ገጠሮችም አራስ ለቀናት እሳት ዳር ትተኛለች። ሴቶች እንዲህ ተራርቀው እያሉ የወለደች ሴት ሙቀት ትፈልጋለች ብለው ከተስማሙ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ ብዬ ተነሥቼ ነገሩን ሁሉ ኋላቀርነት ብለው አያምርብኝም። ማለትም አልፈልግም።

ሥርዓቱን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ላስታውስ። አፈር ወለል ላይ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያላት ጠባብ ጉድጓድ ትቆፈራለች። ፍም ይገባባታል፣ በላዩ የወይባ ስንጥር ይጨመራል፤ ወይባ ባይገኝ ወይራ። አራሷ ልብሷን ታወልቃለች፣ ገላዋን ቅቤ ትቀባለች፣ ጉድጓዷ አፍ ላይ ትቀመጥና ከአንገቷ በታች በጋቢ ወይም በቡሉኮ ትሸፈናለች። ጭሱ ከውስጥ ይሞላል፣ ላብ ይወርዳታል፣ ሲበቃት ተነሥታ ትተኛለች። ቅጠል የሚታጠኑትም አሉ። ዳማከሴ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጤና አዳም በድስት ይፈላና አራሷ ፊቷን ወይም የታችኛውን ገላዋን በእንፋሎቱ ትመታለች። የሚባለው ምክንያት ሁላችንም አፍ ላይ ያለ ነው፦ ብርድ እንዳይገባት፣ ወገቧ እንዲጠና፣ ገላዋ እንዲጠብቅ፣ ጠረኗ እንዲያምር።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት የሆነው የቱ ነው?

ሙቀቱ እውነት ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ብርድ ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ብዙ ሰዓት ስታምጥ የቆየች ሴት የወገቧና የጭኗ ጡንቻ ይዝላል፤ ሙቀት ያንን ያላላል፣ ሕመሙን ያቀልላል። ሌላም ነገር አለ፣ የጤና ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የማንጠቅሰው። ያቺ ሴት በዚያች ሰዓት ውኃ አትቀዳም፣ እንጀራ አትጋግርም፤ እናቷና አማቷ ዙሪያዋን ከበው ገላዋን ያሻሉላታል፣ ያጫውቷታል። ይህ ዕረፍት ነው፣ ዕረፍት ደግሞ ያድናል። የወይባን እንጨትና ቅርፊት በቤተ ሙከራ የመረመሩ ሰዎችም ጀርም የሚገታ ነገር አግኝተውበታል። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ ጀርም መግታት ሌላ፣ ጭሱ የአራስን ቁስል መፈወሱ ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ማሕፀን ደግሞ የሚሰበሰበው በራሱ መኮማተርና ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ሰውነቷ በሚያመነጨው ቅመም ነው፤ ከታች በሚገባ ሙቀት አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። አያቶቻችን ይህን ሲያደርጉት የነበረው በሌላ ቤት፣ በሌላ ወለል ላይና በሌላ ገላ ነበር። ልማዱ እንዳለ ቀረ፤ ቤቱ፣ ወለሉና ገላው ግን ተለወጡ።

ከወለሉ ልጀምር። ዛሬ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሲሚንቶ ወለል ላይ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ አከራዩም አይፈቅድለትም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? የከሰል ማንደጃ ይመጣና መሐሉ ከተፈለፈለ ወንበር ሥር ይደረጋል። ጉድጓዱ ውስጥ እሳቱ ከገላዋ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፣ የአፈሩ ግድግዳም ፍሙን ይይዘው ነበር። ማንደጃው ግን ራሱ ከወለል ከፍ ያለ ነው፤ ፍሙ ለገላዋ ስንዝር ያህል ይቀርባል፣ ወንበሩ ቢንሸራተት ወይም እግሯ ቢነካው ደግሞ ይገለበጣል። በጉድጓዱ ጊዜ እንኳ አደጋ ነበረ፣ አልነበረም አልልም፤ አሁን ግን ከዚያ ባሰ።

ቅቤውን እንጨምርበት። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ይወርዳል፣ ጋቢው ይጠጣዋል። ቅቤ የጠጣ የጥጥ ጋቢ እንደ ጧፍ ነው፤ ፈትሉ አለ፣ ቅባቱም አለ፣ የሚቀረው እሳት ብቻ ነው። የጋቢው ጫፍ ፍሙን ከነካ ነበልባሉ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ አራሷ ደግሞ እስከ አንገቷ ተጠቅልላለች። ከላይ ብርድ ልብስ ወይም ላስቲክ ለሚደርቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ይህን ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቅ፣ ቀልጣፋ ሴት ልትጠነቀቅ ትችል ይሆናል። አራስ ግን ቀልጣፋ አይደለችም። ደም ፈሷታል። ሙቀት የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ደሙ ወደ ቆዳ ሲሄድ ወደ አንጎል የሚሄደው ይቀንሳል፤ ላቡ ደግሞ ፈሳሽ ያሳጣታል። ቁጭ ብላ ሳለች ደህና ትመስላለች፣ ልነሣ ስትል ዓይኗ ይጨልማል። የምትወድቀው እሳቱ ላይ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ደግሞ እሳት ላይ መቀመጥ ፈጽሞ የለባትም፤ በአገራችን የሚጥል በሽታና እሳት ሲገናኙ የሚሆነውን የቃጠሎ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ገላውም ተለውጧል ብያለሁ። ዛሬ ብዙ ሴት በጤና ተቋም ትወልዳለች። ምጧ ካስቸገረ ብልቷ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ሲሰፋ በመርፌ ማደንዘዣ ይወጋል። በኦፕራሲዮን ከወለደች ከወገቧ በታች ለሰዓታት ደንዝዛ ትቆያለች። በምጥ የተወጠረ ቆዳ ያለ መርፌም ቢሆን ያብጣል፣ ስሜቱም ለጥቂት ቀናት ሊቀንስ ይችላል። ቆዳችን ከቃጠሎ የሚያድነን በሕመም ነው፤ ሲያቃጥለን እንሸሻለን። የደነዘዘ ቆዳ አይሸሽም። 60 ዲግሪ የሆነ ውኃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሴኮንድ ገደማ በጥልቀት ያቃጥላል። አራሷ «ትንሽ ሞቀኝ» እስክትል ድረስ ቆዳው ተልጦ ሊሆን ይችላል።

«እኛ እሳት አናደርግም፣ እንፋሎት ብቻ ነው» የምትሉ አላችሁ። እንፋሎት ለስላሳ ይመስላል። ከፍታችን የተነሣ ደብረ ታቦር ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እንደ ባሕር ዳርቻው በ100 አይደለም። ይህ ግን አያጽናናችሁ። እንፋሎት ቆዳ ሲነካ ወደ ውኃ ይመለሳል፣ ሲመለስ ውስጡ የያዘውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ይጥላል። አንድ ግራም የፈላ ውኃ ወደ ሰውነት ሙቀት እስኪቀዘቅዝ የሚሰጠውን ሙቀት ውሰዱ፤ አንድ ግራም እንፋሎት ወደ ውኃ ለመመለስ ብቻ የዚያን 10 እጥፍ ያህል ይሰጣል።

በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በካናዳ የማሕፀን ሐኪሞች መጽሔት ላይ የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ አለ። አንዲት የ62 ዓመት ሴት ብልቷ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ኦፕራሲዮኑን ልሽሸው ብላ የፈላ ቅጠል ላይ ተቀመጠች፣ 20 ደቂቃ። በማግሥቱም እንዲሁ 20 ደቂቃ። ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ደረሰባት፤ ይህ ማለት ቆዳው የሚቆጣና ውኃ የሚቋጥር ማለት ነው። ሊሠራላት ታስቦ የነበረው ኦፕራሲዮንም ቁስሉ እስኪድን መቆየት ግድ ሆነበት። ይቺ ሴት አራስ አልነበረችም፣ ስፌትም አልነበረባት፣ ማደንዘዣም አልተወጋችም። ቁስለኛ ገላ ላይ የሚሆነውን እናንተው ገምቱት።

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ። ለእኔ ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ቃጠሎ ያስጮሃል፣ ይኼኛው ግን አያስጮህም።

የሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር፣ ግን በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፣ ከውጭ ለሚያይ ቤቱ ራሱ የሚጨስ ይመስላል። ያም ቤት ለሳንባ ጤና አልነበረም። የዛሬው ክፍል ግን ግድግዳው ተለስኗል፣ ኮርኒስ ተወጥሮበታል፣ ለአራሷ ሲባል ደግሞ የመስኮቱ ሽንቁር በጨርቅ ተወትፏል፣ በሩ ሥርም ቡትቶ ተደርጓል። ብርድ እንዳይገባ። ብርዱ መግቢያ ካጣ የከሰሉም አየር መውጫ አጣ።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይሰጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ብዙ ሰው የሚፈራው የሚጨሰውን እንጨት ነው፤ ጭሱ ያስለዋል፣ ያስነጥሰዋል፣ በር ያስከፍተዋል። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ጠራ» ብለን በሩን እንዘጋለን። መርዙን አብዝቶ የሚያወጣው ያ የጠራ ፍም ነው። ይህ አየር ደማችን ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚይዘውን ቦታ ይቀማል፤ ቦታውን የሚይዘውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በጠነከረ ሁኔታ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። ደም የፈሰሳት አራስ የኦክስጅን ተሸካሚዋም ጎድሏል። ሦስቱ በአንድ ሴት ላይ ይደረባሉ።

አንድ ሌሊት እናስብ፤ የማንንም ቤት እያልሁ አይደለም። ከወለደች ስምንተኛ ቀኗ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ማንደጃው ይገባል፣ ወይባ ትሞቃለች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ስትጨርስ ጋደም ትላለች፤ ፍሙ ግን ገና ብዙ ነው፣ ቤቱም ይሙቅ ተብሎ እዚያው ይተዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ራሷን ያማታል። እናቷ «ደክሟት ነው» ትላለች። ቆይቶ ያቅለሸልሻታል፤ «አጥሚቱ ከብዷት ነው» ይባላል። እናቷም ራሷን ያማታል፣ እሷ ግን ለጭንቀት ትሰጠዋለች። 4 ሰዓት ላይ አራሷ ሽንት ልሽና ስትል ጉልበቷ ይከዳታል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ መጋኛ ነው፣ ዛር ነው፣ ምች ነው ይባልና በሩ ይባስ ይዘጋል፣ ሌላ ነገርም ይታጠናል።

ታዲያ በምን ይለያል? አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ምሽት ራስ ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ከሰሉን ጠርጥሩ። ደጅ ወጥተው ቀለል ካላቸው ይበልጥ ጠርጥሩ። ያን ጊዜ ማጣራት የለም፤ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ አራሷንና ሕፃኑን ተሸክሞ ማውጣት ነው፣ ማንደጃውን ለማውጣት መመላለስ ከሰው በኋላ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። የከሰሉ መርዝ ንጹሕ አየር እየተነፈሰችም ከደሟ ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በጭምብል ኦክስጅን ከተሰጣት ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። «ተሽሏታል» ብሎ መልሶ ማስተኛት ለዚህ ነው የማይበቃው።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ ደግሞ ሳትጠየቁ «ከሰል ያለበት ዝግ ቤት ውስጥ ነበረች» በሉ። ጣት ላይ የምትሰካው ኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ትታለላለች፤ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ አድርጋ ትቆጥረውና 95፣ 97 ብላ ታሳያለች። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሴትዮዋ ደህና ላትሆን ትችላለች። እናንተ ካልተናገራችሁ ባለሙያውም ሊያልፈው ይችላል።

ራስ ምታት ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። አራስ ላይ ራስ ምታት ሁሉ የጭስ አይደለም። የደም ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ተነሥቶ ወደ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ጠንካራ ራስ ምታት ሆኖ ዓይኗ ብዥ ካለ ወይም ከሆዷ በላይ፣ ከጎድኗ ሥር ካመማት ግፊቷ በዚያው ሰዓት ይለካ።

ሕፃኑስ የት ነበር? ከእናቱ አጠገብ፣ ተጠቅልሎ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፣ አዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20። በክብደቱ ልክ ስናሰላው ከእናቱ እጅግ የበለጠ አየር፣ እጅግ የበለጠ ጭስም ያስገባል። አይናገርም፣ ራሴን አመመኝ አይል። የሚናገረው ጡት በመተው፣ በመልፈስፈስ፣ በማቃሰት፣ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ በመሰርጎድ ነው። ትንፋሹን ጸጥ ባለበት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፤ 60 ከሞላ ወይም ካለፈ ደግማችሁ ቁጠሩ፣ ያው ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ። ስለዚህ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ እናቲቱ ምንም ትታጠን ምን፣ ሕፃኑ ሌላ ክፍል ሌላ ሰው እጅ ላይ ይሁን።

ትኩሳትም አለ። ከወሊድ በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት የማሕፀን ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ይከተላል። እኛ ቤት ግን ይህ «ብርድ ገብቷት ነው፣ ምች ነው» ይባልና ትታጠናለች። ላቧ ይወጣል፣ ለሰዓት ቀለል ይላታል፣ ሌሊቱን ይመለስባታል፣ እንደገና ትታጠናለች። እንዲህ ሲባል ሁለት ቀን ያልፋል። ጭሱ አልገደላትም፤ ያጠፋው ጊዜ ግን ሊገድላት ይችላል። የምትንቀጠቀጥ አራስ መሞቅ ሳይሆን መታየት ነው ያለባት። ደሟም ሞዴሱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ካራሰው እንዲሁ፤ ሌላ ሙቀት አይጨመርባት።

ታዲያ ምን ይቅርልን ትሉኛላችሁ። ብዙ ይቀራል። ወይባውን ወደ ደጅ አውጡት። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ጋቢዋንና ቀሚሷን በወይባ አጥናችሁ፣ ጭሱ ተራግፎ ሲያበቃ አልብሷት። ልብስ ማጠን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጠረኑ ይደርሳታል፣ እሳቱ አይደርሳትም። የሕፃኑን መጠቅለያ ግን አታጥኑ። ወገቧን ለብ ባለ ውኃ በተነከረና በተጨመቀ ጨርቅ ያዙላት፣ ቅቤውንም እሳት በሌለበት አሹላት። ብልቷ ካበጠ በመጀመሪያው ቀን የሚረዳው ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለ10 ደቂቃ ያህል። ከዚያ በኋላ ፈልቶ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ በታጠበ ሳፋ አድርጋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትቀመጥበት፤ ቅጠል ሳይገባበት፣ ስፌት ያለበት ቦታ ነውና። ውኃውን አማቷ በክርኗ ትለካው፤ ክርን ላይ ለብ ካለ ይበቃል። በኦፕራሲዮን የወለደች ግን ቁስሏ እስኪድን ሳፋ ውስጥ አትዘፈዘፍ።

ቤቱ ይሙቅ ካላችሁ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ሲገባም በርና መስኮት ገርበብ ይበል፣ ከመተኛታችሁ በፊት ይውጣ። ወንዶች፣ ይህቺ የእናንተ ሥራ ትሁን። እንጨቱን ስትፈልጡ ማንም አልቀደማችሁም፤ ማንደጃውንም እናንተ አውጡት።

ቃጠሎ ከደረሰ ደግሞ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አይቀባ። የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ይፍሰስ፤ ቃጠሎው ከደረሰ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይህ ይጠቅማል። የቀረው ገላዋ እንዳይበርዳት ይሸፈን፣ የእኛ ውኃ ቀዝቃዛ ነውና። የተጣበቀ ልብስ አይላጥ፣ ውኃ የቋጠረው አይፍረጥ። በንጹሕ ጨርቅ ልል አድርጋችሁ ሸፍኑና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አድርሷት፤ ብልት ላይ የደረሰ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም። አፍራ ልትደብቀው ትችላለች፤ ስትሸና ማልቀሷን፣ ጭኗን ገጥማ መቀመጥ አለመቻሏን፣ ልብሷ ላይ ውኃ መሰል ፈሳሽ መኖሩን የምታስተውሉት እናንተ አጠገቧ ያላችሁት ናችሁ።